ተደግሞ የታየው ኮንቴነር ሳይሆን የጠፋው ነው ጉዳዩ

«ስማ፣ ገጽ 1 መጨረሻ ላይ ያየሁት ኮንቴነር ገጽ 2 ላይም አለ። ከላይ ጠቅላላ 43 ይላል፤ መስመሮቹን ስቆጥርም 43 ናቸው። ፕሮግራመሩ ‹የእይታ ችግር ነው፣ ሪፍሬሽ አድርጊው› ይለኛል። እውነት ነው?»

ጠያቂዋ ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ሰነድ ትሠራለች። መልሴ አይደለም ነው። 43 መስመር ታይቶ ከመካከላቸው አንዱ ሁለቴ ከመጣ፣ እውነተኛዎቹ ኮንቴነሮች 42 ብቻ ናቸው። አርባ ሦስተኛው ዳታቤዙ ውስጥ አለ፤ ግን ከሦስቱ ገጾች በአንዱም ላይ አልወጣም። የተደገመው የእሱን ቦታ ይዞ ነው የተቀመጠው። ድምሩ ልክ ሆኖ መውጣቱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም፤ ድምሩን አይቶ የሚጠረጥር ሰው አይኖርምና። ሰነድ ሠሪዋ ያንን ዝርዝር እያየች የጉምሩክ ሥራ የምትጀምር ከሆነ፣ ያልታየው ኮንቴነር ወደብ ላይ ተቀምጦ ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ብልሽት «ዝርዝሩ ትንሽ ይዘበራረቃል» ተብሎ ከቀለም ምርጫና ከፊደል መጠን ጋር መመደብ የለበትም ነው። መዝገብ የሚደብቅ ብልሽት ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠውም እንደዚያው ታስቦ ነው።

ከየት እንደሚመጣ እንይ። ከጅቡቲ የሚገባ ባቡር በአንድ ጊዜ ብዙ ኮንቴነር ይዞ ነው የሚመጣው። የቢሮው ሲስተም ደግሞ የሚመዘግበው የገቡበትን ቀን ብቻ ነው፤ ሰዓት የለውም። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ሃያ ሠላሳ ኮንቴነር በትክክል አንድ ዓይነት ቀን ይዞ ይገኛል። ገጽ 2ን የሚያመጣው ኩዌሪ ይህን ይመስላል፦

```sql
SELECT id, container_no, arrived_on
FROM arrivals
ORDER BY arrived_on DESC
LIMIT 20 OFFSET 20;
```

እዚህ ላይ ዳታቤዙ የተጠየቀው «በቀን ደርድር፣ የመጀመሪያዎቹን 20 ዝለልና ቀጣዮቹን 20 ስጠኝ» ነው። ቀናቸው እኩል የሆኑት ማን ከማን ይቅደም? አልተነገረውም። ስላልተነገረውም የተመቸውን ያስቀድማል፤ መብቱም ነው። የታወቁት ዳታቤዞች የፖስትግሬስም የማይኤስኪውኤልም መመሪያ ይህንኑ በግልጽ ይናገራል፦ የመደርደሪያው ዓምድ እኩል ከሆነ የመስመሮቹ ተራ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ጥፋቱን ዳታቤዙ ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገጽ 1 እና ገጽ 2 ከአንድ የተደረደረ ዝርዝር የተቆረጡ ስለሚመስለው ነው። አይደሉም። ሁለት የተለያዩ ኩዌሪዎች ናቸው፤ ዳታቤዙ ለእያንዳንዱ እንደገና ከባዶ ይደረድራል፣ ቀደም ሲል ለማን ምን እንዳሳየም አያስታውስም። አደራደሩ ራሱም ሊለያይ ይችላል። ፖስትግሬስ ላይ አስቀድሞ የተደረደረ ማውጫ የሆነውን ኢንዴክስ ካልተጠቀመ፣ 43 መስመር ሲደረድር ለገጽ 1 የሚፈልገው 20 ብቻ ስለሆነ ምርጥ ሃያዎቹን ብቻ ይዞ ሌላውን እየጣለ መሄድ ያዋጣዋል። ለገጽ 2 ግን 40 መስመር መያዝ አለበት፤ ከ43ቱ ሦስት ለመጣል ያን ዘዴ መጠቀም ስለማያዋጣው ሁሉንም በተለመደው መንገድ ይደረድራል። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል፦ በሁለቱም ኩዌሪዎች ፊት `EXPLAIN ANALYZE` ቢጨመር አንዱ ላይ `top-N heapsort`፣ ሌላው ላይ `quicksort` የሚል ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም ቀኑን በትክክል ይደረድራሉ። እኩል ቀን ያላቸውን ግን እያንዳንዱ በራሱ ተራ ነው የሚያስቀምጠው።

በትንሽ ምሳሌ እንሞክረው። ስምንት ኮንቴነሮች በአንድ ቀን ገቡ፤ መለያቸው ከ1 እስከ 8 ነው፤ በአንድ ገጽ አራት ይታያል። የመጀመሪያው ኩዌሪ ሲሮጥ ተራው 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ጀመረ እንበል፤ ገጽ 1 ላይ የታዩት እነዚህ ናቸው። ሁለተኛው ኩዌሪ ግን ስምንቱን 3፣ 7፣ 1፣ 2፣ 5፣ 4፣ 8፣ 6 ብሎ ደረደራቸው። የመጀመሪያዎቹን አራት ዘለለና 5፣ 4፣ 8፣ 6ን ገጽ 2 ላይ አወጣ። 4 ቁጥር ሁለቴ ታየ። 7 ቁጥርስ? በመጀመሪያው ኩዌሪ ገጽ 2 ላይ ነበር፣ በሁለተኛው ደግሞ ገጽ 1 ላይ ሆነና ተዘለለ። ተጠቃሚዋ ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው ብታነብ 7ን አታገኘውም። ሪፍሬሽ ብታደርግም ያው ኩዌሪ በያው መንገድ ስለሚሮጥ ብዙ ጊዜ ያው ውጤት ይመለሳል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፦ ብልሽቱ የሚኖረው በገጽ ድንበር ላይ ብቻ ነው። እኩል ቀን ያላቸው አምስት ኮንቴነሮች ሙሉ በሙሉ አንድ ገጽ ውስጥ ከወደቁ፣ ቢቀያየሩም እዚያው ገጽ ላይ ናቸው፤ የሚጠፋ የለም። ጉዳቱ የሚመጣው እኩል የሆነው ቡድን ሁለት ገጽ ላይ ሲዘረጋ ነው። ፕሮግራመሩ ጋ የማይታየውም ለዚህ ይመስለኛል። እሱ የሚሞክረው አንድ ገጽ በማይሞላ ወይም እያንዳንዱን በእጁ በየሰከንዱ ባስገባው መረጃ ነው። ቢሮው ግን ከኤክሴል በአንድ ጊዜ ይጭናል። የጊዜ ዓምዱ እስከ ማይክሮ ሰከንድ ቢመዘግብ እንኳ ላያድን ይችላል፤ ፖስትግሬስ ላይ `now()` የሚሰጠው ትራንዛክሽኑ የጀመረበትን ሰዓት ስለሆነ፣ በአንድ ትራንዛክሽን የገቡ ሦስት መቶ መስመሮች ሁሉ ልክ አንድ ዓይነት ሰዓት ይኖራቸዋል። «ክፍት» እና «ዝግ» በሚል ሁኔታ የሚደረደር ዝርዝርማ ከሞላ ጎደል ሁሉም እኩል ነው።

መድኃኒቱ አንድ ቃል ያህል ነው፤ እኩል የሆኑትን የሚለይ ሁለተኛ ዓምድ መጨመር፦

```sql
ORDER BY arrived_on DESC, id DESC
```

ሁለተኛው ዓምድ ግን በእርግጥ የማይደገም መሆን አለበት። ሰዎች እዚህ ጋ የኮንቴነሩን ቁጥር ሲያስገቡ አይቻለሁ። አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ያለው ቁጥር ሣጥኑን ከሌላ ሣጥን ይለያል እንጂ ጉዞን ከጉዞ አይለይም። ያው ሣጥን በዓመት ደጋግሞ ሊመጣ ይችላል፤ አንድ መስመር በስሕተት ሁለቴ ተመዝግቦ ከሆነም ቁጥሩም ቀኑም እኩል ይሆናሉ። ስለዚህ የሠንጠረዡ ዋና መለያ ነው የሚሻለው። ዝርዝሩ ከሌላ ሠንጠረዥ ጋር ተጣምሮ አንድ ኮንቴነር በውስጡ ባሉት ዕቃዎች ብዛት ብዙ መስመር የሚወጣው ከሆነ ደግሞ የኮንቴነሩ መለያም አይበቃም፤ የዕቃው መለያ ይጨመራል። «ሲስተሙን ያዘገየዋል» የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ። በሁለቱ ዓምዶች ላይ አንድ ኢንዴክስ ከተሠራ ዳታቤዙ ተደርድሮ የቆየውን ማንበብ ስለሚችል ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይፈጥናል።

የማልስማማበት «ጥገና» ሌላ ነው። አንዳንዶች የተደገመውን መስመር ስክሪኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት ያጠፉታል። ያኔ ተጠቃሚዋ ድግግሞሹን አታይም፤ የጠፋው ግን እንደጠፋ ነው። ያላት ብቸኛ ምልክት ያ ድግግሞሽ ነበር፣ እሱንም ወሰዱባት። እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቶ ሲቀርብልኝ ብልሽቱ ባለበት ቢቆይ እመርጥ ነበር።

ሁለተኛ ዓምድ መጨመር የማይፈታውም አለ። ሰነድ ሠሪዋ ገጽ 1ን እያየች ሌላ ሰው አምስት አዲስ ኮንቴነር ቢመዘግብ፣ ዝርዝሩ በአምስት ወደ ታች ይገፋና የገጽ 1 የመጨረሻዎቹ አምስት ገጽ 2 ላይ ይደገማሉ። ይህ የእኩልነት ሳይሆን ቆጥሮ የመዝለል ችግር ነው። ለዚህ የሚሻለው «ሃያ ዝለል» ከማለት «ካየሁት ከመጨረሻው ቀጥል» ማለት ነው፦

```sql
WHERE (arrived_on, id) < ('2025-03-04', 8121)
ORDER BY arrived_on DESC, id DESC
LIMIT 20;
```

እዚህም ላይ ሁለቱ ዓምዶች አብረው መሄድ አለባቸው። ቀኑን ብቻ ይዞ `arrived_on < '2025-03-04'` ያለ ሰው፣ በዚያ ቀን ገብተው ገጽ 1 ላይ ቦታ ያልደረሳቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጥላቸዋል፤ ከአንዱ ኮንቴነር ይልቅ አሥራ አምስት ሊጠፋ ይችላል። `<=` ቢያደርገው ደግሞ የዚያ ቀን ኮንቴነሮች ከሃያ ከበለጡ እዚያው ቀን ላይ ሲሽከረከር ይቀራል።

ሶፍትዌር የሚረከቡ ቢሮዎች ታዲያ ምን ይጠይቁ? ኮድ ማንበብ አይጠበቅባቸውም። አንድ መቶ መስመር ሁሉንም በአንድ ቀን እንዲያስገባላቸው አቅራቢውን ይጠይቁ፤ ከዚያ ገጾቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከፍተው መለያዎቹን ወደ ኤክሴል ይገልብጡና የተደገመውን ያስወጡ። መቶ የተለያየ መለያ ካልወጣ ርክክቡ ላይ አለመፈረም ነው። መቶ ቢወጣም ኩዌሪው ውስጥ ሁለተኛው ዓምድ መኖሩን ፕሮግራመሩ ያሳያቸው፤ አደራደሩ በአጋጣሚ የተስማማ ሊሆን ይችላልና።

ጠያቂዬ ደግሞ ዛሬ ማድረግ የምትችለው ይህ ነው። ዝርዝሩን ገጽ በገጽ ሳይሆን ባንድ ላይ እንዲያወጣላት ፕሮግራመሩን ትጠይቀው፤ ያለ `LIMIT` የሚሮጥ ኩዌሪ አንዱንም አይደግምም፣ አንዱንም አይጥልም። ከዚያ በሦስቱ ገጾች ያየቻቸውን 42 መለያዎች ከዚያ ላይ ትሰርዝ። የሚቀረው አንድ መስመር የመጣበትን ቀን ታያለች፣ እስከ ዛሬ ስንት ቀን እንደተቆጠረበትም ታውቃለች። ባለፉት ወራት ገጽ በገጽ እየተገለበጡ ለደንበኞች የተላኩ የኤክሴል ፋይሎች ካሉም እነሱም በዚሁ መንገድ መታየት አለባቸው፤ ኩዌሪውን ማስተካከል ወደ ኋላ ተመልሶ እነሱን አያስተካክልም።