ላኪው ገብቶታል፣ ይበቃል

ሽልማት እንደ ቆሎ በሚበተንበት ዘመን፣ ድሬዳዋ ከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ካለ የቡና ላኪ ቢሮ «Meeting: 5/6/2026, 8:00 PM EST» ብሎ ለጅቡቲ፣ ለኒውዮርክና ለዮኮሃማ በአንድ ጊዜ የሚልክ ሠራተኛ እስከ ዛሬ ሳይሸለም መቅረቱ ያስቆጫል። አንዲት መስመር ናት። ሦስቱም ሰዎች ያነቧታል፣ ሦስቱም በትክክል የገባቸው ይመስላቸዋል፣ አንዳቸውም ግን በሰዓቱ አይገኙም። ይህ በችኮላ የሚገኝ ውጤት አይደለም አቦ፤ ሙያ ይጠይቃል።

ስብሰባው የታሰበው ለሐሙስ የካቲት 5 ቀን 2018፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ባለሙያችን ቀና ብሎ የግድግዳውን ካላንደር አየ፤ የካቲት ስድስተኛ ወር ስለሆነ 5/6 አለ። በዚህ ላይ 2018 ቢጨምርበት ኖሮ ፈረንጁ «ይህ እኮ ያለፈ ዓመት ነው» ብሎ መልሶ ይጠይቅ ነበር፤ ጥያቄ ደግሞ ሥራ ያበዛል። ስለዚህ ዓመቷን ብቻ መርጦ ወደ 2026 ቀየራት። ቀኑና ወሩ ሐበሻ፣ ዓመቱ ፈረንጅ። እጁ ይባረክ! ስህተቱን ሊያሳብቅ የሚችለውን አንድ ምልክት ጠርጎ አጠፋው። የካቲት 5 በፈረንጆቹ 12 ፌብሩዋሪ 2026 ነው፤ በላካት መስመር ውስጥ ግን ከዓመቱ በስተቀር ከዚህ ቀን የተረፈ አንድም ቁጥር የለም።

ጅቡቲ ያለው ትራንዚተር፣ ኮንቴይነሩን ከባቡር ተረክቦ መርከብ ላይ የሚያስጭነው ማለት ነው፣ በፈረንሳይ ልማድ የሠለጠነ ስለሆነ ቀንን ያስቀድማል፤ 5 ጁን ብሎ መዘገበ። የኒውዮርኩ ገዢ ወርን ያስቀድማል፤ 6 ሜይ አለ። የዮኮሃማው ሰው ከዓመት መጀመር ለምዷል፤ ዓመቱ በሙሉ ስለተጻፈ ግን ቢያንስ ዓመቱን ከመሳት ተርፏል። ዓመቱ አጥሮ 05/06/26 ቢባል ኖሮ 26 ጁን 2005 ብሎ የማንበብ ሙሉ መብት ነበረው። ለሚቀጥለው ኢሜይል ይታሰብበት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ጥበቡ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ቀኑ ከ12 ካለፈ ገዢው ይነቃል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ያለን እኛ እንጂ እነሱ አይደሉማ። በፈረንጁ ዓመት ውስጥ ቀኑም ወሩም ከ12 የማይበልጥባቸው 144 ቀናት ናቸው። ከነሱ ላይ 1/1፣ 2/2 እያሉ እስከ 12/12 የሚሄዱት 12ቱ ከየትም ቢነበቡ ያው ናቸውና ይቀነሳሉ። የሚተርፉት 132 ቀናት ናቸው። ተቀባይን ማሳሳት የሚፈልግ ሰው ከየወሩ የመጀመሪያዎቹን 12 ቀናት ይጠቀም፤ ከዚያ በኋላ እረፍት ነው።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ከቀኑ 8 ሰዓት ለዓለም 14:00 ነው፣ ወይም 2:00 PM። ባለሙያችን ግን የእጅ ሰዓቱን አይቶ 8:00 ጻፈ። ከምሳ በኋላ መሆኑ ትዝ ሲለውና ለተቀባዩ ሲያስብ PM ጨመረበት። PM ባይጨምር ትራንዚተሩ ስድስት ሰዓት ቀድሞ፣ ማለዳ 08:00 ላይ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ስድስት ሰዓት ዘግይቶ፣ 20:00 ላይ ይጠብቃል። ጥንቃቄው ስህተቱን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን አዞረው እንጂ በደቂቃ እንኳ አልቀነሰውም። ደግሞ ጅቡቲና ድሬዳዋ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም UTC+3፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በሦስት ሰዓት የሚቀድሙ። ስለዚህ ትራንዚተሩ «የነሱን ሰዓት ወደኛ ላስላ» የሚልበት ምክንያት የለውም። ከሦስቱ ተቀባዮች የቅርቡ ሰው ነው ያለ ምንም ጥርጣሬ የተሳሳተው።

የመስመሯ ዘውድ ግን EST ናት። ጸሐፊው የኢትዮጵያ ሰዓት ማለቱ ነው፤ አገሩን በሦስት ፊደል ማስታወሱ ያስመሰግነዋል። ኒውዮርክ ግን ይህችን ምልክት ለራሷ የክረምት ሰዓት፣ ለUTC-5፣ ከያዘቻት ቆይቷል። ገዢው EST ሲያይ «ለካ በኔው ሰዓት አስበውልኛል» ብሎ ተደሰተ፤ 6 ሜይ በራሱ ማታ 8:00 ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ሊቀመጥ ቀጠሮ ያዘ። በሜይ ኒውዮርክ ከኛ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ ያ ሰዓት ለድሬዳዋ 7 ሜይ 03:00 ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ጅብ እንኳ ወደ ቤቱ የሚያስብበት ሰዓት። የካቲት ላይ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ነበር፤ እነሱ ማርች ላይ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉና ኖቬምበር ላይ ይመልሱታል፣ እኛ ግን አንነካውም። «ከኒውዮርክ ጋር ስምንት ሰዓት ነው» ብሎ አንዴ ሸምድዶ ለዘላለም የሚጠቀም ሰውም ስለዚህ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ይሳሳታል።

ጥበቡ ከኢሜይል አልፎ ኤክሴል ውስጥ ሲገባ ይበልጥ ይረቅቃል። አንድ የመላኪያ ሰንጠረዥ ተዘጋጀ እንበል፤ ቀኖቹ በትክክል በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ቀን ቀድሞ፣ 10/02/2026፣ 12/02/2026፣ 13/02/2026 እና 20/02/2026። ቢሮው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ግን ከሱቅ እንደወጣ በአሜሪካ አቀማመጥ ነው የሚሠራው። ኤክሴል የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በደስታ ተቀበለ፤ 2 ኦክቶበርና 2 ዲሴምበር አደረጋቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ቀን ሊያደርጋቸው ስላልቻለ እንደ ተራ ጽሑፍ ተዋቸው። ውበቱን ተመልከቱ፤ ኤክሴል እምቢ ያላቸው ትክክለኞቹ ናቸው፣ የተቀበላቸው ደግሞ የተሳሳቱት። ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደርደር ቢባል ቁጥር የሆኑት ቀድመው፣ ጽሑፍ የሆኑት ከኋላ ስለሚሰለፉ፣ 10፣ 12፣ 13፣ 20 ተብሎ ቅደም ተከተሉ ራሱ ያምራል።

ይህን የሚያበላሹ ክፉ ዓይኖች አሉ። አምዱን ሳይነኩ በማየት ብቻ አንዳንዱ ቀን ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ መጠጋቱን ያስተውላሉ፤ ቀኝ ያለው ቀን ሆኗል፣ ግራ ያለው ጽሑፍ ነው። በዚያ ካልረኩ ጎን ላይ ይህን ይጽፋሉ፦

```
=TEXT(A2,"yyyy-mm-dd")
=DATE(YEAR(A2),DAY(A2),MONTH(A2))
```

የመጀመሪያው መስመር ኤክሴል በልቡ ምን እንደያዘ ያወጣዋል፤ 2026-10-02 ብሎ ሲመልስ ኦክቶበር መያዙ ይታወቃል። ሁለተኛው ተገልብጦ የገባውን ቀንና ወር ይመልሳል፤ የሚሠራው ግን ወደ ቀኝ ለተጠጉት ብቻ ነው። ወደ ግራ የተጠጉትን ለብቻቸው መርጠው፣ ዳታ ከሚለው ዝርዝር Text to Columns ብለው፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ DMY ያስመርጧቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቢሮ ውስጥ ካለ፣ ባለሙያችን ሰንጠረዡን በፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክ፤ ፎቶ ላይ ፎርሙላ አይጻፍም።

የሌሊቱንም ሰው ሳናነሳ ብናልፍ ኃጢአት ይሆንብናል። ጀጎልን ሊያይ የመጣ እንግዳ ማክሰኞ 00:30 ላይ ቦሌ ያርፋል። ሀረር ያለው አስተናጋጁ ትኬቱን አየ፤ ማክሰኞ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል። ለሐበሻ ሌሊቱ ያለው ከቀኑ በኋላ ነው፤ ማክሰኞ ይውላል፣ ይመሻል፣ ከዚያ ስድስት ተኩል ይመጣል። ሾፌሩም አዲስ አበባ ላይ በታማኝነት ማክሰኞ ማታ ወጣ። እንግዳው በዚያን ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን ጠብቆ ጨርሷል፤ እሱ የደረሰው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነበርና። ሀያ አራት ሰዓቱ ቀን የሚቀይረው በሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ 00:00 ሲል ነው። ስለዚህ የኛን ሰዓት ለመቀየር በቀን ከሆነ ስድስት ይደመራል፤ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ከሆነ አሥራ ስምንት ይደመራል፤ ከሌሊቱ 6 ጀምሮ እስከ ንጋት ደግሞ ስድስት ይቀነስና ቀኑ በአንድ ይጨምራል። መጨረሻዋን፣ «ቀኑ በአንድ ይጨምራል» የምትለዋን፣ የሚረሳ ሰው ነው ለዚህ ጥበብ የሚታጨው።

በዚህ ሁሉ መሃል ጨዋታ የማይወዱ አንዳንድ ደረቆች የሚልኩት ይህን ነው፦

```
Thursday 12 February 2026, 14:00 (UTC+3)
```

ወሩን በፊደል ይጽፉታል፤ ስለዚህ የሚገለበጥ ነገር የለም። ሰዓቱ 14 ስለሆነ PM አያስፈልገውም። በEST ቦታ UTC+3 ስላሉ ኒውዮርክ ያለው ሰው በራሱ ሰዓት ማለዳ 06:00 መሆኑን አስልቶ «እባካችሁ ወደ ማታ አድርጉልኝ» ይላል፤ ክርክሩ ከቀጠሮው በፊት አለቀ። ከሁሉም የሚከፋው ግን መጀመሪያ ላይ የምትቀመጠው ሐሙስ ናት። 6 ሜይ 2026 ረቡዕ ነው፣ 5 ጁን 2026 ዓርብ ነው። ባለሙያችን የዕለቱን ስም ብቻ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ሌላው ሁሉ እንደተሳሳተ ቀርቶ እንኳ፣ ጅቡቲም ኒውዮርክም ካላንደራቸውን ከፍተው አልገጥም ሲላቸው በዚያው ዕለት ይደውሉ ነበር። እሱም ይህን ስለሚያውቅ አይጨምራትም። ለፋይል ስምና ለሰንጠረዥ ደግሞ እነዚሁ ደረቆች 2026-02-12 ብለው ከዓመት ይጀምራሉ፤ ይህ አጻጻፍ ISO 8601 ተብሎ፣ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣው በፈረንጆቹ 1988 ነው።

ተስፋ ግን አይቆረጥም። ከደረቆቹም ቢሆን ብዙዎቹ መስከረም 1 ማለት 11 ሴፕቴምበር፣ የካቲት 1 ማለት 8 ፌብሩዋሪ ብለው ሸምድደው ነው የሚሠሩት። 2019 ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን፣ መስከረም 1 ቀን 2020 የሚውለው 12 ሴፕቴምበር 2027 ላይ ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ፈረንጆቹ የራሳቸውን ተጨማሪ ቀን 29 ፌብሩዋሪ 2028 ላይ እስኪጨምሩ ድረስ፣ የተሸመደደው ሁሉ በአንድ ቀን ይጎድላል። ያ ጊዜ ደግሞ በሀረር ዙሪያ ቡናው ተለቅሞ የሚደርቅበትና ወደ ጅቡቲ የሚጫንበት ነው፤ የመርከብ መዝጊያ ቀን ደግሞ አንድ ቀን ላረፈደ ኮንቴይነር አይጠብቅም። ለባለሙያችን አምስት ወር ተኩል ገደማ ሙሉ ሥራ አለለት።