ውድ ጌታዬ ስላሽ እመቤቴ

ሰሞኑን ቢሯችን የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ስታዲየም አካባቢ ያለች፣ አሥራ አንድ ሰው የምንሠራባት ትንሽ ቢሮ ናት። ማስታወቂያው ላይ የኢሜይል አድራሻና ስልክ እንጂ የሰው ስም አልነበረም። የሚመጣውን ማመልከቻ እየከፈቱ ማተም ደግሞ የእኔ ሥራ ሆነ። ምን እንዳነበብኩ ለእናንተ ለአመልካቾች መንገር አያስፈልገኝም፣ ታውቁታላችሁ። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ለምስጋና ነው።

ምስጋናዬ የሚጀምረው «ውድ ጌታዬ/እመቤቴ፣» ብሎ ከጀመረው ወጣት ነው። ዲር ሰር ኦር ማዳም የምትለዋን ፈረንጅ ሳይነካካ፣ ሳይቀንስ፣ ሳይጨምር፣ እንዳለች አምጥቶልናል። ፈረንጅ ዲር ሲል ፍቅር አይታየውም፣ የደብዳቤ ማሟሻ ናት፣ ለግብር ሰብሳቢውም ይላታል። በእኛ ግን ያው «ውድ» ለብዙ ሰው ሲሆን ነው የሚያምርበት፣ «ውድ ደንበኞቻችን» ሲባል ማንም አይደነግጥም። ለአንድ የማይታወቅ ሰው ሲሆን ወይ የፍቅር ደብዳቤ ነው ወይ የሽንኩርት ዋጋ።

እሱስ ይሁን። እኛን የከበደን የቀረው ነው። ማተሚያው ወረቀቱን እንደተፋው ቢሮው ለሁለት ተከፈለ። ጌታዬ የተባለው ማነው? ጌታ በሰማይ አለ፣ በእኛ ቢሮ የለም። የጥበቃው ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና አማተቡ። «ይሄማ አድራሻ ተሳስቶ ነው፣ አራት ኪሎ ሥላሴ ይላክ» አሉ። እመቤቴ የሚለው ላይ ስንደርስ ቡና የምታፈላልን እህታችን ደብዳቤው ወር በገባ በ21 ቀን እንዲከፈት ሐሳብ አቀረበች። ገንዘብ ያዡ በበኩሉ የስላሿ ነገር እንቅልፍ ነሳው። ስላሽ ማለት «ወይም» ነው ወይስ «እና»? «እና» ከሆነ ማመልከቻው ለሁለቱም ነው፣ በሁለት ቅጂ መታተም አለበት። «ወይም» ከሆነ ደግሞ አንዳቸው ሲወስዱት ሌላኛው ቅር ሊላቸው ነው። ከዚያ ማህተም ይደረግበት፣ ገቢ መዝገብ ላይ «ላኪ፦ አመልካች፣ ተቀባይ፦ ጌታ ወይም እመቤት» ተብሎ ይስፈር ተባለ። ምሳ ሰዓት አለፈን። ልጁ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ እንዳለው ያወቅነው በማግስቱ ነው። እንዲህ ያለ መክፈቻ የሚጽፍ ሰው፣ በእውነት፣ ይበል።

ሁለተኛው ተመስጋኝ ጾታዬን ባለማወቁ ያልተሸነፈው ነው። «ማመልከቻዬን ተመልክተህ/ተመልክተሽ/ተመልክተው ብትጠራኝ/ብትጠሪኝ/ቢጠሩኝ ደስ ይለኛል» ይላል። እንደ ፈተና ነው፣ ትክክለኛውን መልስ አክብቡ። ሦስተኛው ደግሞ ዘመናዊ ነው። ዘንድሮ ኩባንያ ሁሉ ቲሸርት ለባሽ መሆኑን ሰምቷል መሰለኝ «ሃይ ብሮ፣ ሲቪዬን አታች አድርጌልሃለሁ፣ ቼክ አርገው» ብሎ ገላገለን።

ብሮ የተባለችው ሥራ አስኪያጃችን ናት። የሁለት ልጆች እናት።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ሠላሳ ስድስት ማመልከቻ ቆጥሬያለሁ፣ ሃያ ሁለቱ «ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ» ነው የሚሉት። ክብርት የሚል አንድ የለም። ብሮን ጨምሮ «አንተ» ያሏት አራት ናቸው። ከሃያ ሁለቱ ውስጥ በሴቶች የተጻፉም አሉበት። ሴትየዋ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ወንድ ሆና ትውላለች። አላወቅንም ትላላችሁ። አለማወቅ ነውር አይደለም። ሳያውቁ ወንድ ነው ብሎ መወሰን ግን አለማወቅ አይደለም፣ ንቀት ነው። ቋንቋው እኮ መውጫ ሰጥቷችኋል!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ። ማመስገን ያልቻልኩት ሁለት ኋላቀሮችን ነው።

የመጀመሪያዋ ኋላቀር በስልክ ደወለች። በዚህ ዘመን! «ማመልከቻው ለማን ተብሎ ይጻፍ?» አለች። ነገርኳት። «ወይዘሮ ናቸው ወይዘሪት?» ብላ ደገመች። ይህቺን ጥያቄ የሚያስቀርልን፣ ያገባችውንም ያላገባችውንም የሚያጠቃልል የተለመደ መጠሪያ አማርኛ ላይ ስለሌለን ጥያቄዋ ልክ ነው። አመሰገነችና ዘጋች። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ምን ዓይነት ድፍረት የሌለው ሰው ነው?

ሁለተኛው የባሰ ነው። እሱ አልደወለም፣ እንደ ሌሎቹ ምንም አያውቅም። ከላይ «ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል፣ አዲስ አበባ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻ»። ከዚያ «ጤና ይስጥልኝ» አለ፣ ይቺ ሰላምታ ወንድም ሴትም፣ ጠዋትም ማታም አትልም። («እንደምን አደሩ» ብለው የላኩልንን ከምሳ በኋላ ነው ያነበብናቸው።) ከዚያ ደግሞ «ማስረጃዎቼ እንዲታዩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» አለ። ማን እንደሚያያቸው አልተናገረም። ተመልካቹን ሰውየ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ጠፋ አደረገውና ጾታው አብሮት ጠፋ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሰው ማናገር ግድ ሲሆንበት «ተጨማሪ ማስረጃ ካስፈለገዎ ይደውሉልኝ» አለ። እርስዎ ነዋ! እርስዎ ሲባል ግሱ የብዙ ቁጥር መልክ ስለሚይዝ ለእሱም ለእሷም ያው «ይደውሉ» ነው። አያቶቻችን ይህንን የሠሩት ለአክብሮት ነበር፣ ስም ለማያውቅ አመልካችም ሆኗል። ደግሞም እስከ መጨረሻው መስመር እርስዎን አልለቀቀም። ሌሎቹ «እርስዎ» ብለው ገብተው «አሳውቀኝ» ብለው ነው የሚወጡት፣ ልብ ካላችሁ ግሶቻችሁን አንድ በአንድ እያያችሁ ላኩ።

ይህ ሰው እንዴት ገመተን ብዬ ማስታወቂያችንን መልሼ አነበብኩት። «አመልካቾች የትምህርት ማስረጃቸውን እንዲያቀርቡ» ይላል። ከራባት ያሰረ አማርኛ ነው። ለካ ልጁ በከራባት ለጻፈ በከራባት መልሶለታል። «ኑ፣ አብረን እንሥራ!» ብለን ጽፈን ቢሆን «ሰላም» ብሎ ቢጀምር ማን ይቆጣው ነበር? ግን እዚያም ቢሆን ከእርስዎ ጀምሮ፣ እነሱ «አንተ» ብለው ሲመልሱ አብሮ መውረድ ይሻላል። መውረድ ይቻላል፣ መውጣት ነው ችግሩ። ሦስት መልእክት አንተ ስትለው የቆየኸውን ሰው በአራተኛው እርስዎ ካልከው ወይ ተጣልተሃል ወይ እያሾፍክበት ነው።

ሥራ አስኪያጇ ሁሉንም አነበበች፣ ምንም አልተናገረችም። ለሚቀጥለው ቅጥር ግን ማስታወቂያው ላይ ስሟ ከነአባቷ፣ ከፊቱ ደግሞ «ወ/ሮ» ተብሎ በጉልህ እንዲጻፍ አዘዘች። ጻፍኩ። ትናንት ወጣ፣ ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው ማመልከቻ ገባ። «ውድ ሚስተር» ይልና ይቀጥላል የአባቷን ስም። እንደ ፈረንጅ ቤተሰብ ስም መሆኑ ነው።

አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ካረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ደብዳቤውን ገቢ መዝገብ ላይ ማን ብዬ እንደምመዘግበው ገንዘብ ያዡን ልጠይቅ።