አህያዋ ለምን አታመልጥም?

በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን አንበሳንና ቀበሮን የሚያውቋቸው በአብዛኛው ከአኒሜሽን ፊልም ነው። በመንዝ ወይም በተጉለት ተረት የሚሰማ ልጅ ግን የጅቡን ጩኸት ሌሊት ከአጥሩ ማዶ ይሰማዋል፤ አህያዋም ጭነቷ ተራግፎላት ደጅ ቆማለች። ተራቹ እንስሳቱን ማስተዋወቅ ስለማያስፈልገው በቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባል።

የኑዛዜውን ተረት እንውሰድ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ክፉ ዘመን መጥቶባቸው፣ «ይህ መዓት የወረደው ከመካከላችን አንዱ በሠራው ኃጢአት ነውና እንናዘዝ» ይባባላሉ። አንበሳ ከመንደር ገብቶ በሬ መብላቱን ሲናገር፣ «ይህማ ኃጢአት አይደለም» ይሉታል። ነብር ስለ ፍየሏ፣ ጅብ ስለ ዶሮዋ ሲናዘዙም መልሱ ያው ነው። በመጨረሻ አህያ፣ ጌታዋ ከወዳጁ ጋር ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መንጨቷን ትናገራለች። ሦስቱም «መዓቱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው ይበሏታል።

ይህች አህያ ስም የላትም፤ ስለ ልጅነቷም ሆነ ስለ ምኞቷ አንዳች አይነገረንም። ተረቱ የሚፈልጋት በዚያ ሸንጎ ውስጥ ስላላት ቦታ ነው፤ አድማጩም ከፈራጆቹ ጎን ተቀምጦ ፍርዱ ሲጣመም ያያል። በርስት ክርክር መሀል ይህን ተረት ያመጣ ሽማግሌ ጉልበተኛውን በስሙ ሳይጠራ የልቡን ተናግሯል፤ ቢጠየቅም ያወራው ስለ አውሬ ነው።

ፊልሙ የተነሣበት ዓላማ ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የዲዝኒ ፊልም «ዙቶፒያ» ውስጥ ኒክ የሚባለው ቀበሮ፣ ልጅ ሳለ ከእኩዮቹ ማኅበር ሊገባ ሄዶ፣ ቀበሮ በመሆኑ ብቻ ይዘው አፉን በማፈኛ ያስሩታል። ተመልካቹ ሕፃን በዚያች ቅጽበት ከኒክ ጋር አብሮ ይታፈናል፤ በፍጻሜውም ኒክ ፖሊስ ሆኖ ከባልደረባው ከፖሊሷ ጥንቸል ጎን ሲቆም አብሮት ይደሰታል። «ቀበሮ አታላይ ነው» የሚለው እምነት ለተረት መሠረቱ ሲሆን፣ ፊልሙ የተሠራው ይህንኑ ለማፍረስ ነው። ቀበሮው ካልተለወጠ ፊልሙ ታሪክ አይኖረውም፤ አንበሳው ከተለወጠ ደግሞ ተረቱ የሚከሰው ሰው ያጣል። የዘር ፍረጃ በየትምህርት ቤቱ ለሚገጥማቸው የስደተኛ ልጆች የፊልሙ መንገድ የሚሰጠው ብርታት ቀላል አይደለም፤ እኔም አልነቅፈውም።

የሚያሳዝነኝ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። በፊልም ያደገ ልጅ የኑዛዜውን ተረት ሲሰማ፣ «አህያዋ ለምን አታመልጥም?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፊልም ከተበዳዩ ጋር መቆምን አስተምሮታልና። አንዳንድ ወላጆች ግን ልጁ እንዳይከፋው ብለው አህያዋን ያስመልጧታል፤ ጅቡንም ይቅርታ ያስጠይቁታል። ያን ጊዜ የአንበሳው ፍርድ ማንንም ሳይጎዳ ያልፋል፤ «ይህማ ኃጢአት አይደለም» ያሉት ነብርና ጅብም ስለ ወገንተኝነታቸው የሚጠየቁበት ነገር አይኖርም። ልጁን የሚያጽናናው ሰው ተረቱን ሳይነካ፣ «አህያዋን ማን ሊያድናት ይችል ነበር? ለምንስ ዝም አለ?» ብሎ ቢጠይቀው ይሻላል።