ውዳሴ ለሚያድገው ደብተር

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ጠዋት ጠዋት የምንሰበሰብባት አንዲት ቡና ቤት አለች። እዚያ ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ የአንዱ ስልክ ጢጥ ይላል። ከባንክ የመጣ መልእክት ነው። ባለቤቱ መነጽሩን ያጠልቃል፣ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ያነባል። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው "ወለድ ገብቷል" ይላል። እኛም እንደ ሠርገኛ ፈገግ እንላለን።

ይህን ልማድ ማመስገን ካስፈለገ ከጋሼ ሌላ የሚጀመርበት የለም። ጋሼ የሰፈራችን የቁጠባ አርበኛ ናቸው። ለቤታቸውና ለሰርቪሱ ቆርቆሮ መግዣ ብለው 100,000 ብር ባንክ አስገቡ። ያኔ ገንዘቡ እጃቸው ላይ ነበር። ቆርቆሮውም ሂርማታ ገበያ ነበር። ግን ጋሼ እንደኛ ችኩል አይደሉም። "ቁጭ ብሎ ይውለድልኝ፣ ከዚያ በወለዱ ሚስማሩን እገዛለሁ" አሉ። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢነት የት ይገኛል?

በዓመቱ መልእክቱ መጣ። 106,650 ብር።

"አየህ አንተ ልጅ" አሉኝ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ስር አስጠግተው። "አንተ ስትበላና ስትጠጣ የኔ ገንዘብ አድሮ ጨመረ።"

"እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ" አልኩ። ከልቤ ነው። የቁጠባ ወለዳቸው 7 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብርን በ15 በመቶ ባዳከመ ጊዜ ከ5 በመቶ ከፍ ያደረገው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ነው። ከ100,000 ብር 7,000 ብር ይወጣል። ከቁጠባ ወለዱ ላይ 5 በመቶ ግብር ስለተቆረጠ 350 ብር ለመንግሥት ሄዶ 6,650 ብር ለጋሼ ተረፈ። ስለ 350ዋ ጋሼ አያነሱም። ታላቅ ሰው በጥቃቅን ነገር አይጨነቅም።

አሁን ሒሳቡ እንዲቀለን አንድ ግምት ልውሰድ። ጋሼ ገንዘቡን ሲያስገቡ አንዱ ቆርቆሮ 500 ብር ነበር እንበል። በዓመቱ 20 በመቶ ጨምሮ 600 ብር ሆነ። በመጀመሪያው ቀን 100,000 ብር 200 ቆርቆሮ ይገዛ ነበር። ዛሬ 106,650 ብር ለ600 ሲካፈል 177 ቆርቆሮ ይሆናል፣ ለ178ኛው የማትበቃ ሽርፍራፊም ትተርፋለች። ደብተሩ 6,650 ብር ሲወልድ ከጣሪያው ሃያ ሁለት ቆርቆሮ ተነቀለ። ሌባ አልገባም፣ አጥር አልተሰበረም፣ ዘበኛው አልተኛም። ይህን ያህል ሥርዓት ያለው ስርቆት ጅማ አይታ አታውቅም።

ባንክ የሚነግረን ወለድ በብር ቁጥር የሚቆጠር ነው። እውነተኛው ወለድ ግን የመግዛት አቅም ስንት ጨመረ፣ ስንት ቀነሰ የሚለው ነው። የመጀመሪያው በስልክ ይመጣል። ሁለተኛው ሂርማታ ወርዶ ዋጋ ሲጠየቅ ነው የሚታወቀው፣ ለዚህ ነው መሰለኝ ጋሼ ሂርማታ መውረድ የተዉት።

እዚህ ላይ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ጎረቤታችን ጣልቃ ገባ። "ቀላል ነው" አለ፣ "6.65 ላይ 20 ቀንስ፤ ኪሳራው 13.35 በመቶ።" ልጁ ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ አበዛው። ጋሼ የጎደላቸው 13,350 ብር የዛሬ ብር ነው፣ ያውም የረከሰው ብር። የአምናውን 100,000 ብር አቅም ዛሬ ለማግኘት 120,000 ብር ያስፈልጋል፣ እሳቸው ያላቸው 106,650 ነው። ስለዚህ ማካፈል እንጂ መቀነስ አይበቃም።

```
1.0665 / 1.20 = 0.88875
```

ከአምናው አቅም 88.9 በመቶ ያህሉ ቀርቷል፤ የጠፋው 11.1 በመቶ ነው። የዋጋ ንረቱ 2 ወይም 3 በመቶ በሆነበት አገር መቀነሱም ሆነ ማካፈሉ ያው ይመጣል። እኛ ጋ ግን ልዩነቱ ከሁለት ነጥብ በላይ ሆነ። ተማሪው ይህን ሰምቶ ለጋሼ "ኪሳራዎ እንዳሰብኩት አልከፋም" ሲላቸው ጋሼ ደረታቸውን ነፉ። ያተረፉ መሰላቸው።

የጋሼ ትልቁ በጎነት ግን ትዕግሥታቸው ነው። በአንድ ዓመት ቢያቆሙ እኮ ኪሳራው ሃያ ሁለት ቆርቆሮ ብቻ ነበር። እሳቸው አምስት ዓመት ጸኑ። ያው ወለድና ያው የ20 በመቶ ጭማሪ በየዓመቱ ከቀጠለ ደብተሩ 137,976 ብር ይሆናል። ቁጥሩ ሲነበብ ደስ ይላል፣ ወደ 38,000 ብር ትርፍ! ቆርቆሮው ግን በዚያው አምስት ዓመት 1,244 ብር ገብቷል። ሲካፈል 110 ቆርቆሮ። ከ200ው ዘጠናው የለም። ቤቱ ሊለብስ ይችላል፣ ሰርቪሱ ግን ሰማይ ያያል። ወለድ በወለድ ላይ እንደሚወልድ ሁሉም ይነግርሃል፤ ዋጋም በዋጋ ላይ እንደሚወልድ ግን ማንም መልእክት አይልክልህም።

የ20 በመቶው ግምቴ የተጋነነ የሚመስለው ካለ 2014 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ያኔ የዋጋ ንረቱ 30 በመቶን አልፎ ነበር። ደብተር የያዘ ሰው በአንድ ዓመት ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን አስረክቦ፣ በዚያው ሳምንት "ወለድ ገብቷል" ብሎ ቡና ጋብዟል። ያንን ቡና ጠጥቻለሁ፣ ስለዚህ አላማም።

ደግሞ ሌላ ደስታችን አለ። ዜናው "የዋጋ ንረት ቀነሰ" ሲል ቡና ቤቷ በእልልታ ትሞላለች። ጋሼ "በቃ፣ ቆርቆሮ ሊረክስ ነው" ይላሉ። እንዲህ ያለ ተስፋ ያስቀናል። ንረቱ ከ30 ወደ 15 በመቶ ወረደ ማለት 500 ብር የነበረው ቆርቆሮ መጀመሪያ 650 ከገባ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት 747 ብር ከሃምሳ ይሆናል ማለት ነው። ፍጥነቱ ቀነሰ እንጂ መኪናው ወደ ኋላ አልዞረም። ለጋሼ ደብተር ደግሞ ወሳኟ ቁጥር አንድ ናት፣ 6.65። ንረቱ ከእሷ በላይ እስካለ ድረስ፣ ቀነሰም ጨመረም፣ ደብተሩ እያደገ አቅሙ ያንሳል። ከእሷ በታች ሲወርድ ነው ጋሼ በእውነት ማትረፍ የሚጀምሩት።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የዜናው ንረትና የጋሼ ንረት አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው ቁጥር የብዙ ዕቃዎች አማካይ ነው፤ ከቅርጫቱ ከግማሽ በላይ ምግብ ነው። ጋሼ የሚገዙት ቆርቆሮ ነው። የአንተ ኪሳራ ስንት እንደሆነ ልታውቅ ከፈለግክ ልትገዛው ያሰብከውን ዕቃ ዋጋ በየዓመቱ ደብተርህ ጀርባ ላይ ጻፍ። ጋሼ ይህን አያደርጉም። ደብተሩ ይቆሽሻል።

አሁን የጠፉት ቆርቆሮዎች የት ገቡ? ጠፍተው አልቀሩም፣ ጋሼ ቸር ናቸው። ባንኩ የእሳቸውን 100,000 ብር በ16 በመቶ ለአንድ ነጋዴ አበደረው እንበል (ባንክ ሁሉንም አያበድርም፣ የተወሰነውን ያስቀምጣል፣ ለምሳሌ ይሁነን)። ነጋዴው በማግስቱ ሄዶ 200 ቆርቆሮ ገዛ። በዓመቱ አንዱ 600 ብር ሲሆን 120,000 ብር ሸጣቸውና 116,000 ከፈለ። 4,000 ብር ወይም ከስድስት ቆርቆሮ በላይ በኪሱ ቀረ፣ አንድም ብር ሳያወጣ። ባንኩ ከ16,000 ላይ ለጋሼ 7,000 ከፍሎ 9,000 ወይም አሥራ አምስት ቆርቆሮ አስቀረ፤ ከዚያ ደመወዝና ኪራይ ይከፍላል፣ የማይመለስ ብድርም ይችላል። መንግሥት በግብሩ ግማሽ ቆርቆሮ ወሰደ። ተደምሮ ሃያ ሁለት ይሆናል። ጋሼ ነጋዴውን አያውቁትም፣ እሱም አያውቃቸውም። እንዲህ ያለ ስም የማይጠራበት ምጽዋት በእውነት የተባረከ ነው።

አንድ ነገር በቅን ልብ ልበል። እኛ ከተማ በሃይማኖታቸው ወለድ የማይነኩ ብዙ ናቸው፤ ገንዘባቸውን ከወለድ ነፃ በሆነ የአደራ ሂሳብ ያኖራሉ። የእነሱን ምርጫ አልቀልድበትም። ሒሳቡ ግን ለእነሱ ይከብዳል፤ በ20 በመቶ ንረት 200 ቆርቆሮው 166 ይሆናል። ትርፍ በሚጋራው የሙዳረባ ሂሳብ የሚሻል ነገር ይገኝ እንደሆነ ባንኩን መጠየቅ ያዋጣል።

የጋሼ እናት ፊደል አልቆጠሩም። ገጠር ጀንፈል ቡናቸውን ጎተራ ውስጥ ያኖሩ ነበር። ብር ሲያስፈልግ ጥቂት ይሸጣሉ፣ የቀረው ይቀመጣል። የቡና ዋጋ ሊወድቅ ይችላል፣ ጀንፈሉም እርጥበት ከነካው ይሻግታል፤ ዋስትና የለውም። ብቻ እኚያ ሴት ሀብታቸውን በቡና ይቆጥሩ ነበር። የተማረው ልጃቸው በብር ይቆጥራል። ሥልጣኔ ማለት ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጅማ እንደልማዷ ዝናቧን ለቀቀችው። ጋሼ ቤት ነበርኩ። ሰርቪሱ ላይ ሸራ ወጥረውበታል፣ ውኃው በሸራው እምብርት ተጠራቅሞ ወደ ታች ይጎትተዋል። ሳፋ ይዘን ከስሩ ቆመናል።

"ጋሼ" አልኩ፣ "ያ ብር አሁን ቢወጣ ቢያንስ ይህችን ያለብሳል።"

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ስልካቸው ጢጥ አለ። ሳፋውን ለእኔ ሰጥተው እጃቸውን በሱሪያቸው አበሱና መነጽራቸውን ፍለጋ ገቡ።