ያለ ጥያቄ ለሚወጣ እጅ የቀረበ ምስጋና

ጥቅምት ሲገባደድ ደብረ ብርሃን ላይ የአክሲዮን ማኅበራት ጉባኤ ይበዛል። የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ሰኔ 30 ሒሳብ ለሚዘጋ ድርጅት በአራት ወር ያበቃልና ሁሉም ይጣደፋል። ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪና ከሸዋ ሮቢት የመጣው ባለአክሲዮን ጋቢውን ደርቦ ይቀመጣል፤ ለአንድ አክሲዮን ስንት ብር ይደርሳል በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ይከራከራል። ከዚያ የመጨረሻው አጀንዳ ይደርሳል፦ «የውጭ ኦዲተር መሾምና የአገልግሎት ክፍያውን መወሰን»። የጥብሱ ሽታ ቀድሞ አዳራሽ ገብቷል። አንዱ ከኋላ ተነሥቶ «ያው የድሮው ይቀጥል፣ ክፍያውን ቦርዱ ተነጋግሮ ይጨርሰው» ይላል፣ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል። ይህን የመሰለ ጨዋነት እስከ ዛሬ አመስጋኝ ማጣቱ ያሳዝናል።

ሕግ አውጪው ተጠራጣሪ ሰው ነበር። በ1952ቱ ንግድ ሕግ፣ በ2013 እስኪተካ ድረስ፣ ኦዲተሩን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው እንደሆነ፣ ክፍያውም በዚያው እንዲወሰን ተጽፎ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሒሳቡን የሚያቀርቡት ሥራ አስኪያጁና ቦርዱ ናቸው፤ ተመርማሪ መርማሪውን መርጦ ከቀጠረ ምርመራው ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም። የእኛ ጉባኤ ግን ይህን ክፉ ጥርጣሬ በፍቅር አርሞታል። ሥራ አስኪያጁ ለመኪና ጎማ እንደሚያደርገው ሦስት ፕሮፎርማ ያሰባስባል፣ ርካሹን ይመርጣል፣ ስሙን ለሰብሳቢው በብጣሽ ወረቀት ያቀብላል። ለጉባኤው የተረፈው ሥራ እጅ ማውጣት ብቻ ነው።

ርካሹ ለምን ርካሽ እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው። ለጠያቂ ግን መልሱ ቀላል ነው፤ የኦዲት ዋጋ ማለት የሰው ቀን ማለት ነው። ዋጋው ሲወርድ ቀኑ ያንሳል፣ ቀኑ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀሩት ደግሞ ከቢሮ የሚያስወጡት ሥራዎች ናቸው፦ መጋዘን ገብቶ ቆጠራ ማየትና ለባንክና ለተበዳሪ በቀጥታ ደብዳቤ ጽፎ መልሱን በቀጥታ መቀበል። ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ፋይል ማገላበጥ ግን አይቀርም፤ ቡናም እዚያው ይመጣል።

ስለ ገለልተኝነትም ልማዳችን ምስጋና ይገባዋል። አሮጌው ሕግ የመሥራቾችና የዳይሬክተሮች የሥጋም የጋብቻም ዘመድ እስከ አራተኛ ደረጃ ድረስ ኦዲተር እንዳይሆን ከልክሎ ነበር። ከእነርሱ ለሌላ ሥራ ደመወዝ የሚቀበለውንም እንዲሁ። ሸዋ ግን ብልህ ነው። የሥራ አስኪያጁን ልጅ ክርስትና ያነሣ ኦዲተር በየትኛውም ደረጃ አይቆጠርም፤ ከቦርድ ሰብሳቢው ጋር የሚካኤልን ማኅበር የሚጠጣውም አይቆጠርም። የሙያው የሥነ ምግባር ደንብ «መቀራረብ የሚያመጣው ስጋት» የሚለው ይህንኑ ነው፤ ደንቡ ግን ጠላ ቀርቦለት አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ የላቀው ግኝታችን ሒሳቡን የሚሠራውና የሚመረምረው አንድ ቤት መሆኑ ነው። ኩባንያው ዓለም አቀፉን የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ ተከትሎ ሪፖርት ማውጣት የሚችል ሒሳብ ሹም የለውም፤ ኦዲተሩ ነሐሴ ላይ በአንድ እጁ ያዘጋጅለታል፣ ጥቅምት ላይ በሌላ እጁ ይመረምረዋል። ነሐሴ ላይ የሠራውን ስሕተት ጥቅምት ላይ አግኝቶ በራሱ ላይ ይጽፋል ብሎ የሚጠብቅ ካለ የሰው ባሕርይ አልገባውም። ለዚያውም ስለ ሁለቱም ሥራ ሁለት ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የማዘጋጀቱ ክፍያ ስለሚበልጥ በምርመራው ደንበኛውን ማስቀየም አይታሰብም።

ውጤቱ ምን ያህል ጣፋጭ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንይ። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ የዱቄት ፋብሪካ እንበል፤ ስንዴውን ከሞረትና ጅሩ ይገዛል። ሰኔ 30 ላይ መዝገቡ በመጋዘን 4,000 ኩንታል ስንዴ አለ ይላል። ጉባኤው ኦዲተሩን የሾመው ዘግይቶ ስለሆነ ኦዲተሩ የቆጠራውን ቀን አላየም፤ ጥቅምት 12 ቀን ነው የደረሰው። የቆጠራ ወረቀቱ የመጋዘን ኃላፊው ፊርማ አለበት፤ ኦዲተሩ ከጎኑ ትንሽ ምልክት አደረገበት። አለቀ።

ትጉህ ቢሆን ኖሮ ነገር ያበላሽ ነበር። በዘገየ ቀንም ቢሆን ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል። መጀመሪያ ጥቅምት 12 ቀን በእጁ ይቆጥራል፤ 1,150 ኩንታል አገኘ እንበል። ቀጥሎ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ወደ ወፍጮ የወጣውን ከማውጫ ሰነድ ይደምራል፣ 2,450። ከዚያ በዚያው ጊዜ የገባውን ከገቢ ደረሰኝና ከሚዛን ወረቀት ይቀንሳል፣ 900። ሰኔ 30 ላይ መኖር የነበረበት 2,700 ኩንታል ነው። መዝገቡ ላይ ካለው 1,300 ኩንታል ጎድሏል። ኩንታሉን በ6,000 ብር ብንይዘው 7.8 ሚሊዮን ብር።

የዚህ ቁጥር ውበቱ የት እንደሚያርፍ ላይ ነው። የተሸጠ ዕቃ ወጪ የሚሰላው በመክፈቻው ክምችት ላይ ግዢውን ደምሮ የመዝጊያውን ክምችት በመቀነስ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ የተጋነነ መዝጊያ ስንዴ ብር በብር ትርፍ ይሆናል። ኩባንያው 9 ሚሊዮን አተረፍኩ ብሏል፤ የእውነቱ 1.2 ሚሊዮን ነው። በ9 ሚሊዮኑ ላይ 30 በመቶ ግብር፣ 2.7 ሚሊዮን፣ ተከፈለ። ጉባኤው ከቀሪው 5 ሚሊዮኑን አጨብጭቦ ተካፈለ። በእውነተኛው ሒሳብ ከግብር በኋላ የሚቀረው 840 ሺህ ብቻ ነበር። የቀረውን 4 ሚሊዮን ገደማ ያካፈለው የራሱ ዋና ገንዘብ ነው፤ ባለአክሲዮኑ ከግራ ኪሱ አውጥቶ ቀኝ ኪሱ ከተተና «ዘንድሮስ ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ሸዋ ሮቢት ተመለሰ።

እንዲህ ያለውን ደስታ የሚያደፈርስ አንድ ሽማግሌ በየጉባኤው አይጠፋም። ይነሣና «ልጄ፣ ስንዴው ሲቆጠር አንተ ነበርክ?» ይላል። ኦዲተሩ «በሰነድ አረጋግጠናል ጋሼ» ይመልሳል። ሰብሳቢው «ጊዜ የለንም» ይላል። ሽማግሌው የሚይዘው መረጃ በእጁ ነበር፤ የሹመቱን ቃለ ጉባኤ ቀን ከሒሳብ መዝጊያው ቀን ጋር ቢያስተያየው ይበቃዋል። መዝጊያው ካለፈ በኋላ የተሾመ ኦዲተር ቆጠራውን እንዳላየ የታወቀ ነው። ስለዚህ ወይ እንደዚያ ወደ ኋላ ቆጥሮ ማረጋገጥ አለበት፤ ወይ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ካልቻለና መጠኑ ከባድ ከሆነ ቢያንስ «ከዚህ ጉዳይ በስተቀር» የሚል አስተያየት መጻፍ አለበት። ሁለቱም ሳይኖሩ «ነቀፌታ የሌለበት» የሚል ወረቀት ሲመጣ ያለ ምትሃት አልመጣም።

ልማዳችን የቆየ የዘር ሐረግም አለው። በ1896 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የኪንግስተን ጥጥ ፋብሪካን ጉዳይ ሲያይ ሥራ አስኪያጁ የጥጥና የክሩን ክምችት አጋኖ አረጋግጦ ነበር። ኦዲተሮቹ በእሱ ወረቀት አምነው ፈረሙ፤ ፍርድ ቤቱም ኦዲተር ጠባቂ ውሻ እንጂ አነፍናፊ ውሻ አይደለም ብሎ ነጻ አወጣቸው። ከዚያ በ1938 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ማኬሰን ኤንድ ሮቢንስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በመጋዘን የሌለ ዕቃና የሌለ ተበዳሪ በመዝገቡ እንደነበረው ሲጋለጥ፣ ሙያው በማግሥቱ ዓመት ቆጠራን በዓይን ማየትንና ለተበዳሪ በቀጥታ መጻፍን ግዴታ አደረገ። የእኛ አዳራሽ ግን ለቅርስ ጥበቃ ሲል 1896 ላይ ጸንቷል።

አሁን ወደ ኃላፊነቱ እንምጣ። የ1952ቱ ሕግ ኦዲተር በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት ጉዳት ካደረሰ ለኩባንያውም ለሦስተኛ ወገንም በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል ይል ነበር፤ እያወቀ ሐሰት ካረጋገጠ ደግሞ በወንጀል። ያስፈራል። ጥሩነቱ ግን ከሳሽ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፦ ጥፋት፣ ጉዳት፣ ጉዳቱም ከጥፋቱ መምጣቱን። ባለአክሲዮኖች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ሦስተኛው ላይ ነው። «1,300 ኩንታል ስንዴ ይክፈለን» ብለው ይከሳሉ። የኦዲተሩ ጠበቃ ፈገግ ይላል፤ ስንዴው በግንቦት ተጭኖ ወጣ፣ ደንበኛዬ በጥቅምት ፈረመ፣ ፊርማው ስንዴ አይጭንም። እውነቱን ነው። ከፊርማው የመጣው ጉዳት ሌላ ነው፦ ለወረቀት ትርፍ የተከፈለው ግብርና ያለ ትርፍ የተካፈለው ገንዘብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሪፖርቱ ሳይናገር በመቅረቱ ከጥቅምት በኋላ ያው የመጋዘን ኃላፊ እንደ ልቡ ያወጣው ስንዴ። ክሱ እነዚህን በጊዜና በብር ለይቶ ካላቀረበ አይቆምም።

ጥፋቱንም ማስረዳት ወረቀት ይፈልጋል። የኦዲተሩ የሥራ ወረቀት በኦዲተሩ እጅ ነው፤ ኩባንያው የሚይዘው የኦዲት ውሉን፣ የሹመት ቃለ ጉባኤውን፣ የቆጠራ ወረቀቱንና ሥራ አስኪያጁ ለኦዲተሩ የፈረመውን የማረጋገጫ ደብዳቤ ነው። ያ ደብዳቤ «ክምችቱ ትክክል ነው» ቢል ኦዲተሩን ከመቁጠር አያድነውም፤ ግን የሚፈርመውን ሰው ማን እንደሆነ ያሳያል። ውሉን ፈልገው ሲያጡ ደግሞ የእጅ ማውጣቱ ጥበብ ሙሉ በሙሉ ይገለጣል፤ ክፍያው ለቦርዱ ተትቶ ስለነበረ ምን ያህል ቀን፣ የትኛው መጋዘን፣ በማን ፊት የሚል ነገር በቃለ ጉባኤው የለም። ያለው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን ለኩባንያው ካሳ የሚጠይቀው ኩባንያው ራሱ ነው። በኩባንያው ስም ለጠበቃ ውክልና የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነው። ክሱ ደግሞ ከመጋዘን ኃላፊው አልፎ የማረጋገጫ ደብዳቤውን የፈረመውን ሰው ጥፋት ወደ ማስረዳት ይሄዳል፤ እሱም ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነው። ስለዚህ የውክልናውን ረቂቅ አንብቦ ቀኑን ከጻፈበት በኋላ «ቦርዱ ይየው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ቦርዱም በሚቀጥለው ስብሰባ ያያል።