ላብ በላብ የሆነ ኢሜይል

ከትራንዚተራችን ኢሜይል መጣ። «ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ እንደቆመ ነው 😅 ዲመሬጅም መቁጠር ጀምሯል 😅🙏» ይላል። ዲመሬጅ ማለት ኮንቴይነሩ ለዘገየበት ቀን ሁሉ የምከፍለው ነው። አቦ! ገንዘቡ የኔ፣ ሳቁ የሱ። ደግሞ ላብ የሚያንጠባጥበው ፈገግታ ለምን ሁለት ጊዜ? ድሬዳዋ ከዚራ ላይ፣ ቬንትሌተሩ ትኩስ አየር ከግድግዳ ግድግዳ በሚያመላልስበት ቢሮ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ለተቀመጠ ሰው ላብ በኢሜይል አይላክለትም።

ልጁ ክፉ አይደለም። ዜናው መራራ ሲሆንበት ስኳር ጨመረበት። ግን ገንዘብ፣ መዘግየት ወይም ይቅርታ ያለበት ኢሜይል ውስጥ የሚፈቀደው የኢሞጂ ቁጥር ዜሮ ነው። እኔ የምፈልገው ኮንቴይነሩን የትኛው ወረቀት እንደያዘው፣ ዲመሬጁ በቀን ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚወጣ ነው። ሦስቱ ምስሎች የተቀመጡት ልክ እነዚህ ሦስት መልሶች መቀመጥ በነበረባቸው ቦታ ነው።

ለማያውቁት ደንበኛ የሚጻፍ የመጀመሪያ ኢሜይልም እንደዚሁ ዜሮ ነው። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ ባለ የሥራ ኢሜይል ላይ የተጨመረ ፈገግታ ጸሐፊውን ሞቅ ያለ ሰው አያስመስለውም። ይልቁንም ሥራውን የማያውቅ ያስመስለዋል። ሙቀትማ ከሆነ ድሬ ምን አጥታ!

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን የአለቆች አውራ ጣት ነው። አንዱ የቀድሞ አለቃዬ ለወጪ ጥያቄዬ 👍 ብቻ ይልክልኝ ነበር። ፈቀደ ማለት ነው? አየሁት ማለት ነው? ወይስ ስልኩን ኪሱ ሲከት ጣቱ ነካው? ዕቃው ተገዝቶ ሒሳብ ሲመጣ «እኔ መቼ ፈቀድኩ?» አለኝ። እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ካናዳ ቢሆን አያመልጥም ነበር። ሳስካችዋን ውስጥ አንድ እህል ገዢ የተልባ ውል ፎቶ አንስቶ ለገበሬው በስልክ መልእክት ላከለትና እንዲያጸድቅ ጠየቀው። ገበሬው 👍 መለሰ። ተልባው ሳይመጣ ቀረ፤ ዋጋው ግን ሽቅብ ወጣ። «ውሉ ደርሶኛል ለማለት ነው እንጂ ተስማምቻለሁ አላልኩም» ቢል ማን ይስማው? ሁለቱ ከዚያ በፊትም በአጫጭር የስልክ መልሶች ይዋዋሉ ስለነበር፣ ዳኛው በ2023 አውራ ጣቷን እንደ ፊርማ ቆጥረው ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ አስከፈሉት። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ! ይቺን ተረት እወዳታለሁ። ምክንያት ባገኝ ቁጥር እጠቅሳታለሁ፤ እንዲህ የምትገጥምበት ጉዳይ ግን ከየት ይገኛል?

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ደንበኛው ራሱ ቀድሞ ከላከ አንድ ይመለስለታል፤ ያውም ለምሥራች፣ ያውም ዓረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ በቃል ምትክ ሳይገባ። ለአለቃ ሲሆን ደግሞ... እሱ መጀመሪያ «ፈቅጃለሁ» ብሎ መጻፍ ይልመድ።