«ስም ብቻ ቀይሩ» የሚባል ለቅሶ የለም

«የሐዘን መግለጫ በፌስቡክ ስትለጥፉ ይህን ኮፒ አድርጉና ስም ብቻ ቀይሩ። ሐዘንተኛ እንደሆነ አያነበውም፤ ዋናው አለሁ ማለታችሁ ነው።»

እዚሁ ደሴ ያለ የአንድ ቅሬ፣ ማለትም የእድር፣ ኮሚቴ ነው ይህን ለአባላቱ በቴሌግራም የላከው። ከሥር የተያያዘችው ጽሑፍ ያችው የምታውቋት ናት፦ «በደረሰን ድንገተኛ መርዶ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል፤ ለቤተሰቡ መጽናናትን እንመኛለን።»

ሐዘንተኛ አያነብም ያለው ማን ነው? የቀብሩ ዕለት አያነብም፤ ልክ ነው። ግን ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የቅሬው ድስትና አግዳሚ ወንበር ተመልሶ፣ ዘመድ ወደ ኩታበሩም ወደ ሐይቁም ከተበተነ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያለው ልጅ ስልኩን አንስቶ አንድ በአንድ ያነባል። የሚፈልገው አባቱን ነው። የሚያገኘው ግን «መጽናናትን እንመኛለን» ብቻ ነው፤ ደግሞ «መጽናናትን እንመኛለን»፤ ደግሞም። አባቱ በየትኛውም ላይ የሉም።

ድሮ አልቃሽ እንኳ ይህን አታደርግም። ገጠር ለቅሶ ቤት ስትደርስ አፏን ከመክፈቷ በፊት ትጠይቃለች፦ ምን ይሠራ ነበር? አገሩ የት ነው? ማንን አሳደገ? ማንን ትቶ ሄደ? ግጥሙን የምታወጣው ከዚያ ነው። የትናንቱን ሟች ሙሾ ለዛሬው ብትደግመው ለቀስተኛው ያውቅባታል፤ ሁለተኛም የሚጠራት የለም። ሙሾና ዋይታ በማይወደድበት በሙስሊሙ ቤትም ቢሆን ሰው ተሰብስቦ ሲቀመጥ የሚያነሳው የሟቹን ሥራ ነው፤ ይህን አደረጉልኝ፣ እዚህ ቦታ እንዲህ አሉኝ ይባባላል። ፊደል ያልቆጠረች አልቃሽ የምታውቀውን ነው የተማረ ኮሚቴ በአንድ መልእክት ሊያስረሳን የተነሳው።

የጓደኛዬ አባት ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሲያርፉ በገጼ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦

«ወንድሜ፣ አባትህ ሱሪ ሰፍተው ሲሰጡን የተረፈውን ጨርቅ አጥፈው ኋላ ኪሳችን ይከቱልን ነበር። ‹ጉልበቱ ሲቀደድ ይህን ይዘህ ና› ይሉናል። አንዱ ጨርቅ እስከ ዛሬ እናቴ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ቡናማ ነው፣ ነጭ መስመር ያለው። አላህ ይዘንላቸው፤ ቀብራቸውን ኑር ያድርግላቸው።»

ይኸው ነው። «ደግ፣ ሐቀኛ፣ ሰው አክባሪ» አላልኩም፤ ለማንም ይባላልና። የደንበኛን ቁራጭ ጨርቅ የሚመልስ ልብስ ሰፊ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አንባቢው ራሱ ያውቃል። ስለ ሕመማቸው አላነሳሁም፤ እሱን መናገር የቤተሰቡ ፋንታ ነው። «ቃላት አጠረኝ» አላልኩም፤ ሐዘኑ የእሱ እንጂ የእኔ አይደለም። የቀብር ፎቶ አልለጠፍኩም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በሟቹ ቦታ የሌላ አባት ስም አስገቡበት። ዓረፍተ ነገሩ ከገጠመ ሰርዙት። ሰውየውን በአካል ካላወቃችኋቸው ደግሞ ልጃቸው ስለ እሳቸው ያጫወታችሁን አንድ ነገር ጻፉ፤ እሱም ከሌለ ዝም ብላችሁ ለቅሶ ድረሱ።

የመጨረሻዋን ዱዓ ግን አልነካም። እሷ ጸሎት ናት፤ ጸሎት ቢደጋገም አይረክስም። ብቻ ከቤቱ እምነት ጋር ትሂድ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ በሚቀብርበትና በሚያስተዛዝንበት በእኛ ከተማ የዱዓ ቤት የቱ፣ የ«ነፍስ ይማር» ቤት የቱ እንደሆነ ሳያጣራ የሚለጥፍ ሰው ጎረቤቱን አያውቅም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ፍጥነቱ ነው። በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ሽማግሌና የቅርብ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ከጎን ሆኖ ነው። ኮፒ የሚደረግ ጽሑፍ ማሰብ አይጠይቅምና ሬሳው ሳይገነዝ አርባ ሰው ይለጥፈዋል። አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የአባቷን ሞት ከማታውቀው ሰው ገጽ ላይ፣ ማድ ቤት ብቻዋን ቆማ ታነባለች። ኮሚቴው ይህንንም «አለሁ ማለት» ይለዋል? እኔ ለጓደኛዬ ደውዬ «ለእህትህ ተነግሯታል?» አልኩት። አልተነገራትም ነበር። የአገሯ ልጆች ያለችበት ሄደው እስኪያረዷት ድረስ አልለጠፍኩም። የዘገየ የሐዘን ጽሑፍ ማንንም አልጎዳም፤ የቸኮለ ግን ስንቱን ብቻውን አስጩኋል።

ኮሚቴው ያችን ጽሑፍ ዛሬውኑ ከቴሌግራሙ ያውርድ። መላክ ካማረው የሚላክ አለ፦ ቀብሩ በስንት ሰዓት የት እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ምን እንደጎደለው፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሩቅ ላሉት ልጆች መርዶው መነገር አለመነገሩን።